የትልቁ አንጀት ካንሰር ቅድመ ምርመራ፦ የሰገራ ምርመራና ኮሎኖስኮፒ ሲነጻጸሩ

የትልቁ አንጀትና የፊንጢጣ ካንሰር አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ፖሊፕ ከሚባል ትንሽ እብጠት ነው። ፖሊፕ በአንጀት ውስጠኛ ግድግዳ ላይ የሚበቅል ሥጋ ሲሆን፣ አብዛኛው ጉዳት ሳያደርስ ባለበት ይቀራል። ጥቂቱ ግን እያደገ ይሄዳል፤ ሴሎቹ ቀስ በቀስ ባሕርያቸውን ይለውጡና መጨረሻው ካንሰር ይሆናል። ይህ ለውጥ በአብዛኛው 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ይወስዳል። በእነዚህ ዓመታት ሰውየው ሕመም አይሰማውም፣ አይከሳም፣ የምግብ ፍላጎቱም አይቀንስም። ቅድመ ምርመራ የሚሠራው በዚህ ጊዜ ውስጥ ነው። ፖሊፑ ካንሰር ከመሆኑ በፊት ተገኝቶ ይቆረጣል፤ ካንሰር ሆኖም ከሆነ ከአንጀቱ ግድግዳ ሳይወጣ ይደረስበትና በቀዶ ጥገና ይወገዳል።

ቅድመ ምርመራ ምንም ምልክት ለሌለው ሰው የሚደረግ ነው። ሰገራው ላይ ደም ያየ፣ ያለ ምክንያት የከሳ፣ የመጸዳዳት ልማዱ ለሳምንታት የተለወጠበት ወይም መነሻው ያልታወቀ የደም ማነስ ያለበት ሰው ጉዳይ ከዚህ ይለያል። እሱ የሚያስፈልገው ምልክቱ ከምን እንደመጣ የሚለይ ምርመራ ነው። ሁለቱን ማደባለቅ ብዙ ሰው ስለሚጎዳ ነገሩ ወደ መጨረሻው እንደገና ይነሣል።

የቅድመ ምርመራው ዘዴዎች በሁለት ወገን ይከፈላሉ። አንደኛው ወገን ሰገራን ወስዶ ፖሊፕ ወይም ካንሰር የሚተወውን ርዝራዥ ይፈልጋል። ሁለተኛው ወገን አንጀቱን ራሱን ያያል። በዓለም ላይ በስፋት የሚሠራባቸው ኤፍ አይ ቲ የሚባለው የሰገራ ደም ምርመራና ኮሎኖስኮፒ ናቸው፤ በአሜሪካ ደግሞ የሰገራ ዲ ኤን ኤ ምርመራ ይጨመራል። ሌሎችም አሉ። በሲቲ ስካን የአንጀትን ምስል ማንሣት፣ በአጭር ቱቦ የአንጀቱን የታችኛውን ክፍል ብቻ የሚያየው ሲግሞይዶስኮፒ፣ በ2024 በአሜሪካ የተፈቀደው የደም ምርመራም ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። የደም ምርመራው ለመስጠት ቀላል ቢሆንም ትልቅ ድክመት አለበት። ካንሰር ካለባቸው ከ100 ሰዎች 83ቱን ሲያገኝ፣ ወደ ካንሰር የተቃረበ ፖሊፕ ካለባቸው ግን የሚያገኘው 13ቱን ብቻ ነው። ስለዚህ ካንሰሩን ቀድሞ ለመከላከል ብዙም አይረዳም።

የሰገራ ምርመራ የተመሠረተው ያደገ ፖሊፕና ካንሰር ደም ስለሚያፈሱ ነው። የደም ሥሮቻቸው ስስ ናቸው፤ ሰገራ እያሻሸ ሲያልፍ ትንሽ ደም ይወጣል። መጠኑ ለዓይን የሚታይ አይደለም። የመጀመሪያው የምርመራ ዓይነት ጓያክ ከሚባል ዛፍ ሙጫ የሚሠራ ኬሚካል በተቀባ ካርድ ላይ ሰገራ ተቀብቶ፣ ካርዱ ሰማያዊ ይሆን እንደሆነ የሚታይበት ነበር። በአሜሪካ ሚኒሶታ ከ46,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት በ1993 ውጤቱን ሲያሳውቅ፣ በየዓመቱ በዚህ ካርድ እንዲመረመሩ ከተመደቡት መካከል በትልቁ አንጀት ካንሰር የሚሞተው ሰው ቁጥር በ33 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። የሰገራ ምርመራ ነፍስ እንደሚያተርፍ በጥናት የተረጋገጠው ያኔ ነው።

የጓያክ ካርድ ችግሩ ደም የሰውም ይሁን የበሬ አለመለየቱ ነበር። ከምርመራው በፊት ባሉት ቀናት ቀይ ሥጋ የበላ ሰው ሳይኖርበት አለብህ ሊባል ይችላል፤ ቪታሚን ሲ በብዛት የወሰደ ደግሞ ኖሮበት የለብህም ሊባል ይችላል። ከጨጓራ ቁስል የሚወጣ ደምም ውጤቱን ያዛባል። ኤፍ አይ ቲ ይህን ችግር በብዛት አስወገደ። ይህ ምርመራ የሚፈልገው የሰውን ሄሞግሎቢን ፕሮቲን ብቻ ሲሆን፣ የሚይዘውም ለዚሁ በተሠራ ፀረ እንግዳ አካል ነው። ጥሬ ሥጋ የበላም ሆነ ቅቤ ያልቀመሰ ጿሚ ለምርመራው ብሎ ምግቡን መለወጥ አያስፈልገውም። ከጨጓራ የሚመጣ ደምም ወደ ታች ሲወርድ ፕሮቲኑ ስለሚፈጭ ምርመራው በአብዛኛው አያገኘውም። ስለዚህ ኤፍ አይ ቲ ደም አለ ሲል፣ ደሙ የመጣው ከትልቁ አንጀት ወይም ከፊንጢጣ የመሆኑ ዕድል ከፍ ያለ ነው።

ነገሩን በአንድ ሰው ላይ መከተል ይቻላል። ለምሳሌ በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ የሚነዳ፣ 46 ዓመት የሆነው፣ ምንም ሕመም የሌለበት፣ በቤተሰቡም ይህ በሽታ ያልታወቀ ሰው አለ እንበል። ሐኪሙ የናሙና መውሰጃ ዕቃ ይሰጠዋል። በውስጡ ለሰገራ መቀበያ የሚያገለግል ወረቀት፣ ጫፉ ጥርስ ጥርስ ያለው ቀጭን እንጨት መሰል መውጊያ የተያያዘበት ትንሽ ጠርሙስ፣ ስምና ቀን የሚጻፍበት ወረቀትና የፖስታ ከረጢት ይገኛሉ። ሰገራው ከመጸዳጃው ውኃ ጋር እንዳይገናኝ ወረቀቱ ላይ ይቀመጣል። መውጊያው በአንድ ቦታ ብቻ ሳይሆን በተለያዩ ቦታዎች ይወጋል፤ ደሙ በሰገራው ላይ እኩል ተበትኖ ስለማይገኝ ነው። በመውጊያው ጥርሶች መካከል የሚቀረው ጥቂት ሰገራ ይበቃል፤ ብዙ መጨመር ውጤቱን ያበላሻል። ከዚያ መውጊያው ፈሳሽ ወዳለበት ጠርሙስ ተመልሶ ጥብቅ ተደርጎ ይዘጋል። ናሙናው የተወሰደበት ቀን መጻፍ አለበት፤ ቀን ያልተጻፈበት ናሙና ብዙ ጊዜ ላቦራቶሪ ደርሶ ይጣላል። ፖስታው በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ መላክ ይኖርበታል።

ፍጥነቱ የሚያስፈልገው ሄሞግሎቢን ስለሚፈርስ ነው፤ ሙቀት ደግሞ ያፋጥነዋል። መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ ውሎ ያደረ ናሙና ደም ቢኖርበት እንኳ የለበትም ሊል ይችላል። በገልፍ አገሮች ወይም በቆላ ከተሞች ለሚኖር ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ናሙናውን ጠዋት ወስዶ ወዲያውኑ ማድረስ፣ ማቆየት ግድ ከሆነም በዕቃው መመሪያ መሠረት ቀዝቃዛ ቦታ ማስቀመጥ ይገባል። የወር አበባ ላይ ያለች ሴት ወይም በዚያ ሰሞን ኪንታሮቱ የሚደማበት ሰው ናሙና መውሰዱን እስኪቆም ቢያቆየው ይመረጣል። ሐኪም ክሊኒክ ውስጥ በጣት ሲመረምር የሚያገኘውን ሰገራ ለዚህ መጠቀምም አይበቃም፤ እንዲህ የተወሰደ ናሙና አብዛኛውን ያደገ ፖሊፕና ካንሰር ያሳልፋል።

ላቦራቶሪው በአንድ ግራም ሰገራ ውስጥ ስንት ማይክሮግራም ሄሞግሎቢን እንዳለ ይለካል። በአሜሪካ በብዛት የሚሠራበት መሣሪያ 20 ማይክሮግራምና ከዚያ በላይ ሲያገኝ ፖዘቲቭ ይላል። በእንግሊዝ መንግሥታዊ ፕሮግራም መለያው ለዓመታት 120 ነበር፤ በስኮትላንድ 80 ነው። ልዩነቱ የመጣው ከሳይንስ አለመግባባት ሳይሆን ከኮሎኖስኮፒ አቅም ነው። መለያው ዝቅ ባለ ቁጥር የሚገኘው በሽታ ይጨምራል፤ ኮሎኖስኮፒ የሚፈልገው ሰውም እንዲሁ ይበዛል፤ አገሩ ያን ሁሉ ሰው የሚያይበት ሐኪምና መሣሪያ ከሌለው ግን ወረፋው ይረዝማል። በዚህም የተነሣ በአንዱ አገር ኔጌቲቭ የተባለ ሰው በሌላው አገር ፖዘቲቭ ሊባል ይችላል።

የሰገራ ዲ ኤን ኤ ምርመራ፣ በገበያ ስሙ ኮሎጋርድ፣ ከደሙ በተጨማሪ ከፖሊፕና ከካንሰር ሴሎች ተላቅቆ ሰገራ ውስጥ የሚገባውን የተበላሸ ዲ ኤን ኤ ይፈልጋል። ለዚህ መውጊያ ላይ የቀረው አይበቃም፤ የአንድ ጊዜ ሰገራ በሙሉ በዕቃ ተደርጎ ይላካል። ኤፍ አይ ቲ በየዓመቱ ሲደረግ ይህ በአብዛኛው በየ3 ዓመቱ ይደረጋል። ዋጋውም በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠው ትልቅ ጥናት በ2014 የወጣ ነው። ወደ 10,000 የሚጠጉ ሰዎች ሁለቱንም የሰገራ ምርመራ ሰጡ፤ ከዚያ ሁሉም ኮሎኖስኮፒ ተደረገላቸው፤ ስለዚህ የሰገራው ምርመራ ማንን እንዳገኘና ማንን እንዳሳለፈ በትክክል ታወቀ። ካንሰር የተገኘባቸው 65 ሰዎች ነበሩ። ኤፍ አይ ቲ 48ቱን አገኘ፣ 17ቱን አሳለፈ። የዲ ኤን ኤው ምርመራ 60ውን አገኘ፣ 5ቱን አሳለፈ። ወደ ካንሰር የተቃረበ ፖሊፕ ካለባቸው ከ100 ሰዎች ኤፍ አይ ቲ 24 ያህሉን ሲያገኝ፣ ዲ ኤን ኤው 42 ያህሉን አገኘ። እስከዚህ ድረስ የዲ ኤን ኤው ብልጫ ግልጽ ነው።

ሌላው ገጽ ደግሞ አለ። ኤፍ አይ ቲ ፖዘቲቭ ያለው ወደ 700 ሰው ሲሆን፣ ዲ ኤን ኤው ፖዘቲቭ ያለው ወደ 1,600 ሰው ነው። ለተጨማሪ 12 ካንሰሮችና ከመቶ ለበለጡ ፖሊፖች ሲባል 900 ተጨማሪ ሰዎች ይጨነቃሉ፣ ኮሎኖስኮፒም ይደረግላቸዋል፤ ከእነሱ አብዛኞቹ ላይ የሚያሳስብ ነገር አይገኝም። በ2024 የወጣው የዚሁ ምርመራ አዲስ ዓይነት ይህን ስሕተት ቀንሶታል፤ አላጠፋውም። በዚያ ላይ ንጽጽሩ የአንድ ጊዜ ምርመራ ንጽጽር ነው። በ3 ዓመት ውስጥ ዲ ኤን ኤው አንድ ጊዜ ሲሠራ ኤፍ አይ ቲ ሦስት ጊዜ ይሠራል። ዘንድሮ ያልደማው ፖሊፕ በሚቀጥለው ዓመት ሊደማ ይችላል፤ እድገቱም አዝጋሚ ስለሆነ አንድ ዓመት መዘግየቱ በአብዛኛው ጉዳት አያስከትልም። በየዓመቱ ሳይቋረጥ የሚደረግ ኤፍ አይ ቲ ከዲ ኤን ኤው ጋር የሚወዳደረው በዚህ ነው። አንድ ጊዜ ተደርጎ የተተወ ኤፍ አይ ቲ ግን ደካማ ምርመራ ነው፤ ከ4 ካንሰር አንዱን፣ ከ4 ያደገ ፖሊፕ 3ቱን ያሳልፋል።

ሁለቱም የሚቸገሩበት የፖሊፕ ዓይነት አለ። ከግድግዳው ጋር ተለጥፎ ዝርግ ሆኖ የሚያድግ፣ በአብዛኛው በቀኝ በኩል የሚገኝና ብዙም የማይደማ ነው። ኤፍ አይ ቲ ይህን ዓይነቱን ከ20 አንዱን ያህል ብቻ ሲያገኝ፣ ዲ ኤን ኤው ከግማሽ ትንሽ ያነሰውን ያገኛል። ኮሎኖስኮፒ የሚያደርግ ሐኪም እንኳ ከተቻኮለ ወይም አንጀቱ በደንብ ካልተጠራ ያልፈዋል።

ኮሎኖስኮፒ ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ተጣጣፊ ቱቦ በፊንጢጣ ገብቶ ትልቁን አንጀት እስከ መጀመሪያው ድረስ የሚያይበት ምርመራ ነው። ከሌሎቹ ሁሉ የሚለየው የተገኘውን ፖሊፕ እዚያው ቆርጦ ማውጣት መቻሉ ነው። ውጤቱ ንጹሕ የሆነና ሌላ ተጋላጭነት የሌለበት ሰው ለ10 ዓመት መድገም አያስፈልገውም። ዋጋው ግን ሌላ ነው። ከሁለት ወይም ከሦስት ቀን በፊት ጀምሮ ቆሎ፣ ሰሊጥ፣ ተልባ፣ ጎመንና ጥራጥሬ ይተዋሉ፤ ፍሬውና ቃጫው አንጀት ላይ ተለጥፎ ስለሚቀር ነው። በዋዜማው ብርሃን የሚያሳልፍ ፈሳሽ ብቻ ይጠጣል፤ ወተት የሌለበት ቡናና ሻይ ይፈቀዳሉ፣ ቀይ መጠጥ ግን ደም ስለሚመስል አይፈቀድም። ማጠቢያው መድኃኒት ግማሹ ማታ፣ ግማሹ ከምርመራው ጥቂት ሰዓታት በፊት ይጠጣል። ሁለተኛውን ግማሽ ለመጠጣት በሌሊት መነሣት ስለሚከብድ ብዙ ሰው ይተወዋል፤ የቀኝ አንጀትን የሚያጠራው ግን እሱ ነው። የሚወጣው ፈሳሽ ጠርቶ ቢጫ ውኃ ካልመሰለ አንጀቱ አልተዘጋጀም ማለት ነው። የስኳር መድኃኒት ወይም የደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ቀድሞ ከሐኪሙ ጋር መነጋገር አለበት። ማደንዘዣ ስለሚሰጥም በዚያ ቀን መኪና መንዳት አይቻልም፤ ወደ ቤት የሚወስድ ሰው ያስፈልጋል።

አደጋም አለው፤ ትንሽ ቢሆንም። ለቅድመ ምርመራ ከሚደረግ 10,000 ኮሎኖስኮፒ ውስጥ 3 ያህሉ ላይ አንጀቱ ይበሳል፣ 15 ያህሉ ላይ ብርቱ የደም መፍሰስ ይደርሳል። ጥራቱም እንደ ሐኪሙ ይለያያል። በተመሳሳይ ሰው ላይ በተከታታይ ሁለት ጊዜ በተደረጉ ምርመራዎች ላይ የተሠሩ ጥናቶች የመጀመሪያው ከ4 ፖሊፕ አንዱን ያህል እንደሚያልፍ አሳይተዋል፤ ያለፉት አብዛኞቹ ትንንሾች ናቸው። አንድ ሐኪም ከሚያያቸው ሰዎች ውስጥ በስንቶቹ ላይ ካንሰር ሊሆን የሚችል ፖሊፕ እንደሚያገኝ በመቶኛ ይመዘገባል። ይህ ቁጥር ከፍ ያለበት ሐኪም ያያቸው ሰዎች በኋላ በካንሰር የመያዛቸው ዕድል ዝቅ ያለ ነው። ታካሚ ቁጥሩን መጠየቅ መብቱ ነው፤ ጥሩ ሐኪምም አይከፋበትም።

ታዲያ የቱ ይሻላል? ለዚህ ቀጥተኛ መልስ የሰጠው በስፔን የተደረገ ጥናት ነው። ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 69 ከሆነ ከ57,000 በላይ ሰዎች ግማሾቹ ለአንድ ኮሎኖስኮፒ፣ ግማሾቹ በየ2 ዓመቱ ለኤፍ አይ ቲ ተጠሩ። በ2025 የታተመው የ10 ዓመት ውጤት በሁለቱ መካከል በሞት የሚታይ ልዩነት አላገኘም፤ ለኮሎኖስኮፒ ከተጠሩት 0.22 በመቶ፣ ለኤፍ አይ ቲ ከተጠሩት 0.24 በመቶ በዚህ ካንሰር ሞቱ። አንድ ለአንድ ሲታይ የሚበልጠው ኮሎኖስኮፒ ለምን አልበለጠም? ከተጠሩት ውስጥ የተመረመረው በኮሎኖስኮፒው በኩል 32 በመቶ፣ በኤፍ አይ ቲው በኩል 40 በመቶ ስለነበረ ነው። የምርመራው ብርታት ሰው በቀረበት ልክ ተቀነሰ። በፖላንድ፣ በኖርዌይና በስዊድን የተደረገው ሌላ ጥናትም በ2022 ተመሳሳይ ነገር አሳይቷል፤ ለኮሎኖስኮፒ ከተጠሩት የመጡት 42 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ በ10 ዓመት ውስጥ የካንሰሩ መከሰት በ18 በመቶ ቀነሰ። ስለዚህ ፍርዱ ይህ ነው፦ ኮሎኖስኮፒውን በእርግጥ የሚያደርግ ሰው ኮሎኖስኮፒ ይበጀዋል፤ ቀጠሮውን ከዓመት ዓመት የሚያሳልፍ ሰው ግን በየዓመቱ የሚልከው ኤፍ አይ ቲ እጅግ ይሻለዋል።

ይህ የሚሠራው ግን ፖዘቲቭ ውጤት በኮሎኖስኮፒ ሲከተል ብቻ ነው። የታክሲ ነጂው ውጤት 35 ማይክሮግራም ሆነ እንበል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ «ኪንታሮት ስላለብኝ ነው» ይልና ምርመራው እንዲደገምለት ይጠይቃል። ሁለተኛው ኔጌቲቭ ቢወጣ የመጀመሪያውን አይሽረውም፤ ፖሊፕ አንድ ቀን ደምቶ ሌላ ቀን ስለማይደማ፣ ሁለተኛው የሚናገረው በዚያ ቀን ደም አለመኖሩን ብቻ ነው። ኪንታሮት መኖሩም ከበላዩ ፖሊፕ እንዳይኖር አይከለክልም። ከ100 ፖዘቲቭ ሰዎች 7 ያህሉ ካንሰር፣ ወደ 26 የሚጠጉት ያደገ ፖሊፕ እንደሚገኝባቸው ከላይ የተጠቀሰው የ2014ቱ ጥናት ያሳያል። የቀሩት ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ትንሽ ፖሊፕ ወይም ምንም አይገኝባቸውም፤ ይህን ለይቶ የሚያውቀው ኮሎኖስኮፒ ብቻ ነው።

ነጂው በሁለት ወር ውስጥ ኮሎኖስኮፒ ተደረገለትና በግራ በኩል 14 ሚሊሜትር የሆነ ፖሊፕ ተገኝቶ ተቆረጠ እንበል። ፖሊፑ በማይክሮስኮፕ ታይቶ ካንሰር የለበትም ተባለ። ከዚህ በኋላ ወደ ኤፍ አይ ቲ አይመለስም። 10 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ ፖሊፕ የተወገደለት ሰው ከ3 ዓመት በኋላ ኮሎኖስኮፒው ይደገምለታል። በአሜሪካ ከ2022 አጋማሽ ወዲህ አብዛኛው የግል ኢንሹራንስ ከፖዘቲቭ የሰገራ ምርመራ በኋላ የሚደረገውንም ኮሎኖስኮፒ ያለ ክፍያ እንዲሸፍን ተደንግጓል፤ ቀደም ሲል በዚህ ደረጃ ላይ የሚመጣው ሂሳብ ብዙዎችን ያስቀር ነበር። መዘግየት ምን እንደሚያስከትልም በካሊፎርኒያ ኤፍ አይ ቲ ፖዘቲቭ በሆኑ ከ70,000 በላይ ሰዎች ላይ ታይቷል። ኮሎኖስኮፒውን በጥቂት ወራት ውስጥ ባደረጉት መካከል ልዩነት አልታየም፤ ከአንድ ዓመት በላይ በዘገዩት ላይ ግን ካንሰር የመገኘቱ ዕድል ከ2 እጥፍ በላይ፣ የተስፋፋ ካንሰር የመገኘቱ ዕድል ደግሞ ከ3 እጥፍ በላይ ሆነ።

መቼ ይጀመር ለሚለው፣ የአሜሪካ የካንሰር ማኅበር በ2018፣ የመንግሥቱ አማካሪ የባለሙያዎች ቡድን ደግሞ በ2021 መነሻውን ከ50 ወደ 45 ዓመት አወረዱት። ምክንያቱ ካንሰሩ ወጣቶች ላይ እየበዛ መምጣቱ ነው። በአሜሪካ በ1995 ከታካሚዎቹ 11 በመቶው ከ55 ዓመት በታች ነበሩ፤ በ2019 ይህ 20 በመቶ ደረሰ። አገሮች ግን አንድ ዓይነት መነሻ የላቸውም። እንግሊዝ በ50 ትጀምራለች፤ ስዊድን ደግሞ በ60። ስለዚህ በውጭ የሚኖር ሰው የሚጠራበት ዕድሜ ስንት እንደሆነ ከሚኖርበት አገር ሐኪም መጠየቅ አለበት። ማቆሚያው በአሜሪካ 75 ዓመት ሲሆን፣ ከ76 እስከ 85 ባለው የሰውየው ጤናና ያለፈ ምርመራው ታይቶ ይወሰናል፤ ከ85 በኋላ ጉዳቱ ከጥቅሙ ይበልጣል።

45 ዓመት የሚሠራው ግን መካከለኛ ተጋላጭነት ላለው ሰው ነው። አባቱ፣ እናቱ፣ ወንድሙ፣ እህቱ ወይም ልጁ ከ60 ዓመት በፊት በዚህ ካንሰር የተያዘበት ሰው በ40 ዓመቱ፣ ወይም ዘመዱ ከተያዘበት ዕድሜ 10 ዓመት ቀድሞ፣ ከሁለቱ በሚቀድመው ይጀምራል። አባቱ በ57 ከተያዘ መነሻው 40 ነው። ወንድሙ በ44 ከተያዘ መነሻው 34 ነው። ለእነዚህ ሰዎች የሚመከረው በየ5 ዓመቱ የሚደገም ኮሎኖስኮፒ እንጂ የሰገራ ምርመራ አይደለም። ለዓመታት የቆየ የአንጀት ብግነት ያለባቸውና በዘር የሚተላለፍ የካንሰር ሕመም ያለባቸው ቤተሰቦችም ከዚህም የቀደመ የራሳቸው መርሐ ግብር አላቸው። ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን የቤተሰቡ ሕመም ሲታወቅ ነው። በብዙ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ካንሰር በስሙ አይጠራም፤ ልጆች የሚያውቁት አባታቸው ሆዱን ታሞ መሞቱን ብቻ ነው። የታመመው ምን እንደነበረና ስንት ዓመቱ እንደነበረ ከታላላቆች ጠይቆ ማወቅ ለቀሩት ልጆች የመነሻ ዕድሜያቸውን ይወስናል።

በኢትዮጵያ ለዚህ ካንሰር አገር አቀፍ የቅድመ ምርመራ ፕሮግራም የለም። የአዲስ አበባ የካንሰር ምዝገባ ግን በወንዶች ላይ በብዛት ከሚገኙት ካንሰሮች ውስጥ የትልቁን አንጀት ካንሰር ከፊት ያስቀምጠዋል፤ ከታካሚዎቹም ብዙዎቹ ከ50 ዓመት በታች ናቸው። በጤና ጣቢያ የሚደረገው የተለመደው የሰገራ ምርመራ ትላትልና አሜባ የሚፈልግ ነው፤ ንጹሕ መሆኑ ስለ ካንሰር የሚለው ነገር የለም። ኤፍ አይ ቲ በሚገኝበት ቦታም አሜባና አንዳንድ ትሎች ትልቁን አንጀት ስለሚያደሙ ፖዘቲቭ ውጤት ከእነሱም ሊመጣ ይችላል፤ እነሱን አክሞ ኮሎኖስኮፒውን መተው ግን አይገባም።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያሳስበው ምልክት ያለበት ሰው ነው። ሰገራው ላይ ደም እያየ «ኪንታሮት ነው» ተብሎ ለወራት ቅባት የሚቀባ፣ ወይም የአሜባ መድኃኒት እየተደጋገመ የሚሰጠው ሰው፣ ዕድሜው 30ም ይሁን 60፣ ቅድመ ምርመራ አያስፈልገውም፣ መነሻ ዕድሜም አይጠብቅም። በመጀመሪያ በጣት፣ ከዚያም በሲግሞይዶስኮፒ ወይም በኮሎኖስኮፒ መታየት አለበት። ኔጌቲቭ ኤፍ አይ ቲ ቢኖረውም እንኳ በዓይኑ ያየውን ደም አያስተባብልም። መድኃኒቱን ጨርሶ ደሙ ያልቆመለት ሰው ሦስተኛ ማዘዣ ከመቀበል ይልቅ ኮሎኖስኮፒ ወደሚሠራበት ሆስፒታል እንዲላክ ሐኪሙን ይጠይቅ።